በደቂቃ ሰማንያ አራት ጉብታ

ውብአየሁ የተወለደው ተጂ ነው። ሰበታ የመጣው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አጎቱ ብርድ ልብስ ፋብሪካው በር ላይ ሊያገኘው ስለቀጠረው ነበር። አጎቱ አልመጣም። በሩ ላይ ግን ሰው ይቀጠር ነበርና ቆሞ ከሚውል ብሎ ተሰለፈ። እንደተሰለፈ ገባ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነው።

ሥራው የማሽን ጥገና ነው። የሚያምነው መሣሪያ አንድ ካቻቢቴ ነው፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ኩሽኔታ ከመበላቱ ከአንድ ወር በፊት ያውቃል። ይህ ችሎታ ፋብሪካ ውስጥ ያስከብረዋል፣ ሰው ቤት ግን አያስወድደውም። አንዴ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው ለባለቤቲቱ፣ «ይሄ ፍሪጅ ፋሲካን አይደርስም» አላት። ፍሪጁ ሆሳዕና ዕለት ቆመ። ሚስቱ እናትነሽ ከዚያ ወዲህ የሆነ ቤት በገቡ ቁጥር፣ «ጆሮህን ጫማህ ጋ አስቀምጠው» ትለዋለች።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በ2008 ጥር ላይ ነው። በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሣ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ሰው ሥራ ከመሄዱ በፊት ለዘመድ ይደውላል፤ ዘመድ ደግሞ እሱ ራሱ ሊደውል እንደነበር ይናገራል። ፋብሪካው እንደ መንገዱ ነው፤ ይሠራል፣ ይቆማል።

ከማቅለሚያው ክፍል ጣሪያ ላይ እንፋሎቱን የሚያስወጡ ሁለት መንታ ቬንትሌተሮች አሉ። እያንዳንዳቸው ስድስት ክንፍ አላቸው፤ ሞተሩ ክንፉን የሚያዞረው ቺንጋ በሚሉት የጎማ ጠፍር ነው። ኅዳር ላይ የሁለተኛው ሞተር ተቃጠለ። ውብአየሁ አውርዶ ጥቅሉን ፈታ፣ እንደገና ለመጠቅለል የመዳብ ሽቦ ከአዲስ አበባ አዘዘ። ሽቦው ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ለመምጣት አምስት ሳምንት ፈጀበት። በእነዚያ አምስት ሳምንታት አንደኛው ቬንትሌተር የሁለቱን ሥራ ብቻውን ሠራ።

ሽቦው መጣ፣ ውብአየሁ በእጁ ጠቀለለ፣ ሞተሩ ወደ ጣሪያው ተመለሰ። ሁለቱም እንደተነሡ አዳራሹ፣ «ዉም… ዉም… ዉም…» ማለት ጀመረ። የመስኮቱ መስታወት አብሮ ተንቀጠቀጠ። ውብአየሁ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፤ ጆሮውን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠረ።

የማቅለሚያው ሴቶች ግን አልተጠራጠሩም። ድምፁ የሄሊኮፕተር ነበር። በዚያ ሰሞን ሄሊኮፕተር ሲሰማ ሰው ጣሪያ ሥር መሆን አይፈልግም፤ ሜዳ ላይ መሆንም አይፈልግም። ስለዚህ ሠላሳ አራቱ ሴቶች ሮጠው በሩ ደፍ ላይ፣ ግማሽ ውስጥ ግማሽ ውጭ ሆነው ይቆማሉ። ጨርቁ ገንዳ ውስጥ ይቀራል። ሰማያዊ ይሆን የነበረ ብርድ ልብስ ጠቁሮ ይወጣል።

የበሩ ዘበኛ ኦቦ ሞቱማ የሰማውን ሁሉ መዝገብ ላይ እንዲያሰፍር ታዟል። አሰፈረ። «3:10፦ ሄሊኮፕተር ተሰማ። አልታየም።» በማግሥቱ፣ «3:05፦ ሄሊኮፕተር ተሰማ። አልታየም።» በዘጠኝ ቀን ስምንት ጊዜ ጻፈ። ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ ግቢው መሃል ሩብ ሰዓት ወደ ላይ ሲያይ ቆየ፣ አንድ ለስላሳ ጠጣ፣ መዝገቡ ላይ «ክትትል ይደረግ» ብሎ ፈርሞ ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ዮፍታሔ ውብአየሁን ቢሮው ጠራው።

«ጋሽ ውብአየሁ፣ ይቀመጡ። ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። አንደኛው ለብቻው አምስት ሳምንት ሠራ፣ ድምፅ የለም። የእርስዎን ሞተር ሰቀልን፣ ያን ዕለት ጀመረ።»

«ጀመረ።»

«ታዲያ ምን ልበል? ጥቅሉ ተበላሽቷል ነው የምለው። አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት ነግሬያለሁ። የስንብት ደብዳቤ አዘጋጅ ብለውኛል።»

«ሞተሩ ደህና ነው።»

«በምን አወቁ?»

«ካቻቢቴዬን ይዤ ሰማሁት።»

ዮፍታሔ ብዕሩን ጠረጴዛ ላይ አጋደመ። «ደብዳቤ ላይ 'በካቻቢቴ ሰምቶ' ብዬ ልጻፍ? እስከ ሐሙስ አንድ ነገር ያሳዩኝ። በቁጥር።»

ማክሰኞ ነበር። ዙር መለኪያው ለጥገና አዲስ አበባ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሠራ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ የሞተሩን ንጽህና በቁጥር እንዲያረጋግጥ ተፈርዶበት ወጣ።

በበሩ በኩል ሲያልፍ ኦቦ ሞቱማ ጠራው።

«አካም ጂርታ፣ ውብአየሁ? ማል ታኤ? ምን ሆንክ? ፊትህ የተቀቀለ ድንች መስሏል።»

«ሊያባርሩኝ ነው፣ ኦቦ። አንቱስ ሄሊኮፕተርዎ እንዴት ነው?»

«ታማኝ ነው። ሦስት ሰዓት ይመጣል፣ ስድስት ላይ ይሄዳል። ምሳ ይበላል መሰለኝ።»

ውብአየሁ ቆመ። «መዝገቡን ያሳዩኝ።»

ዘጠኙን ቀን በጣቱ ተከተለ። ሦስት ሰዓት ላይ ገንዳዎቹ ይፈላሉ፣ ሁለቱም ቬንትሌተሮች ይነሣሉ። ስድስት ላይ ይጠፋሉ። አንድ ቀን ብቻ ምንም አልተጻፈም፤ ያን ቀን መብራት አንሶ አንደኛው ብቻ ነበር የተነሣው።

ወዲያው ጣሪያ ላይ ወጣ። አንደኛውን ብቻውን አስነሣ፤ ወጥ የሆነ ጉርምርምታ እንጂ ዉም የለም። እሱን አጥፍቶ የራሱን ብቻ አስነሣ፤ አሁንም ዉም የለም። ሁለቱን አንድ ላይ አስነሣ፤ ሄሊኮፕተሩ መጣ። ከታች ሴቶቹ ሲሮጡ ሰማ።

«ቆዩ፣ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ያመነው የለም።

ወደ ታች ሲወርድ የፈረቃው ኃላፊ ዕድላዊት በሩ ላይ እጇን አጣምራ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ሄሊኮፕተሩን የሚነዱት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ስልክሽ ድምፅ ይቀዳል?»

ይቀዳ ነበር፤ እየቀዳም የድምፁን መልክ በመስመር ይስል ነበር። ሁለቱም ቬንትሌተሮች እየሠሩ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቀዱ። የታየው መስመር ያብጥና ይቀጥናል፣ ያብጥና ይቀጥናል፤ በክር የተሰካ ዶቃ ይመስላል። ድምፁ ሲጎላ ያብጣል፣ ሲሰክን ይቀጥናል። ውብአየሁ የስልኩን መስታወት በጣቱ እየገፋ ጉብታዎቹን ቆጠረ። ሰማንያ አራት። እንደገና ቆጠረ። ሰማንያ አራት።

ረቡዕ ጠዋት ስልኩንም ዕድላዊትንም ይዞ ዮፍታሔ ቢሮ ገባ።

«ሁለት ሰው በጭቃ የተያዘ ሚኒባስ ሲያወዛውዝ አይተሃል?» አለው።

«ገፍቼም አውቃለሁ።»

«ሁለታችሁ እኩል ስትገፉ መኪናው በኃይል ይወዛወዛል። አንዱ ሲገፋ አንዱ ከሳበ ግን ይቆማል። አሁን አንዱ ከሌላው ጥቂት ቢዘገይ ምን ይሆናል? ለጥቂት ጊዜ አብራችሁ ትገፋላችሁ፣ ቀስ በቀስ ትጣላላችሁ፣ ከዚያ መልሳችሁ ትገናኛላችሁ። የጣሪያው ነገር ይኸው ነው። እያንዳንዱ ክንፍ ሲያልፍ አየሩን ይገፋል። ሁለቱ እኩል አይዞሩም፤ አንዱ ጥቂት ይቀድማል። ሲገናኙ ዉም፣ ሲጣሉ ዝም። ለብቻው የሚሠራ ግን ከማን ጋር ይጣላል? አምስቱን ሳምንት ዝም ያለው ለዚህ ነው።»

ዮፍታሔ ስልኩን ተቀብሎ ራሱ ቆጠረ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

«መቶ ስልሳ ስምንት» አለ።

ዕድላዊት በትከሻው ላይ አየች። «ከላይም ከታችም ቆጥረው ነው። እያንዳንዱ ጉብታ ከመስመሩ በላይም በታችም ይታያል፤ አንድ ነው። እግር ቆጥረው ዶሮ አይሉም።»

ዮፍታሔ መልሶ ቆጠረና ሰማንያ አራት አለ፤ እንደ ራሱ ግኝት አድርጎ።

«ሰማንያ አራት በደቂቃ» አለ ውብአየሁ። «አንድ ሙሉ ዙር ስድስት ክንፍ ነው። ለስድስት አካፍለው፤ አሥራ አራት። በደቂቃ በአሥራ አራት ዙር ይለያያሉ።»

«እሺ። የትኛው ነው የዘገየው?»

«ቅጂው አይናገርም።»

«እንዴት አይናገርም?»

«ልዩነቱን ነው የሚናገር። የኔ ቢዘገይም፣ ያኛው ቢዘገይም ጉብታው ሰማንያ አራት ነው።»

ዮፍታሔ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «ታዲያ አልዳኑም።»

«አልዳንኩም። ግን አንዱን ብነካው ይናገራል። የእኔን አልነካም። የአንደኛውን ቺንጋ አጠብቃለሁ። አምስት ሳምንት ብቻውን ሲለፋ ቺንጋው ላልቶ ይንሸራተት ከነበረ ሲጠብቅ ክንፉ ይፈጥናል። ዘገምተኛው እሱ ከሆነ ወደ እኔው ይቀርባል፣ ጉብታው ይቀንሳል። ቀዳሚው እሱ ከሆነ ግን ይብሱን ይርቃል፣ ጉብታው ይጨምራል። ከጨመረ የዘገየው የኔ ሞተር ነው ማለት ነው። ደብዳቤውን ዛሬውኑ ስጠኝ።»

ዕድላዊት፣ «ጋሼ፣ ይህን ያህል እንኳ…» ብላ ጀመረች።

«ቁጥር ነው የጠየቀኝ» አለ ውብአየሁ።

ሦስቱም ጣሪያ ላይ ወጡ። ኦቦ ሞቱማም መዝገቡን ይዞ ተከተለ፤ ሰማይን የሚመለከት ጉዳይ ሁሉ የሱ ሥራ ነው ብሎ። ውብአየሁ ሁለቱንም አጠፋ፣ ክንፉ ጨርሶ እስኪቆም ጠበቀ፣ የአንደኛውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ቺንጋው እንደ ሽማግሌ ቀበቶ ገባለት። የማጥበቂያውን ብሎን ግማሽ ዙር አዞረ፣ ሁለቱንም አስነሣ፣ ፍጥነታቸው እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ቆሙ። በነዚህ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ውብአየሁ የቤት ኪራዩን፣ ተጂ ያለችውን እናቱንና በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሥራ የሚሰጠውን ሰው አሰበ። የመጨረሻውን አላገኘውም።

ዕድላዊት አንድ ደቂቃ ቀዳች። ስልኩን ለዮፍታሔ ሰጠችው። ዮፍታሔ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ አሁን ከላይ ከላይ ብቻ እየቆጠረ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«አርባ ስምንት።»

«ስምንት ዙር ቀረ» አለ ውብአየሁ። ጣሪያውም ከበፊቱ ያነሰ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንደገና አጠፉ፣ አጠበቁ፣ አስነሡ። አሥራ ሁለት። ዉሙ አሁን በአምስት ሴኮንድ አንዴ ብቻ ይመጣል፤ ሰው ሲተነፍስ ያህል።

«ወደ ዜሮ ያድርሱት» አለ ዮፍታሔ፤ ነገሩ ጥሞት ነበር።

«ከዚህ በላይ ካጠበቅሁት ኩሽኔታውን ይበላዋል። ይበቃል።»

ኦቦ ሞቱማ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» ሲል ጠየቀ።

«ቺንጋ ላልቶ ነበር ብለው ይጻፉ» አለ ውብአየሁ።

«ስምንት ቀን ሄሊኮፕተር ብዬ፣ ዛሬ ቺንጋ ልበል? ከቀበሌው ሰውዬ ጋር ልታጣላኝ ነው?» አለና ጻፈ።

ያን ቀን እስከ ምሳ ሠላሳ አራቱ ሴቶች ገንዳቸው ጋ ቆዩ። የመጀመሪያው ጨርቅ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊዋ አረጋሽ ውብአየሁን ጠራችው። የስንብት ደብዳቤው ማክሰኞውኑ ቁጥር ወጥቶለት ተመዝግቦ ነበር። ቁጥር የወጣለት ደብዳቤ እንዳልነበረ አይሆንም። አዲሱ፣ ስንብቱን የሚሽረው ደብዳቤ፣ ሌላ ቁጥር አለው።

«መጀመሪያ ይሄን ደርሶኛል ብለው ይፈርሙ» አለችው።

«ተባረርኩ ማለት ነው?»

«ለጊዜው።»

ፈረመ። አረጋሽ ማኅተሙን ፈለገች፣ ቀለሙ ደርቆ ስለነበር ጥቂት ውኃ ጠብ አደረገችበት፣ መታች። ውብአየሁ ሥራ ፈት ሆኖ ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ ሁለተኛውን ገፋችለት፤ እሱንም ፈረመ።

«እንኳን ደህና ተመለሱ» አለችው።

«ምን ሰዓት ነው?»

«ለሦስት አሥር ጉዳይ።»

የጠበቀ ቺንጋ በማግሥቱ ጥቂት ይረግባል። ገንዳዎቹ ከመፍላታቸው በፊት ሊያየው ቁልፉን ይዞ ወደ ጣሪያው ወጣ።