ክረምት የሌለው ዓመት

በዚያ የጥር ሐሙስ ነፋሱ ከማለዳ ጀምሮ ከሐይቁ በኩል ሲነፍስ ዋለ። አቧራው በበር ስንጥቅ እየገባ ጠረጴዛውን ስለሚያለብስ ከበቡሽ ድስቶቿን ከድና፣ የምግብ ቤቷን በር ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። ተማሪዎቹ ምሳቸውን በልተው ወጥተዋል። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሒሳብ ሠራተኛ የሆነችው የእህቷ ልጅ ሄራን፣ የዕረፍት ቀኗን ሠውታ ላፕቶፗን ይዛላት መጥታ ነበር።

ከበቡሽ ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ፊት ለፊት በተከራየችው ቤት በኮንትራት ታበላለች። የግቢው ካፌ ያልተስማማው ተማሪ የወሩን ሒሳብ መጀመሪያ ላይ ከፍሎ ምሳና ራቱን እሷ ዘንድ ይበላል። ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ወጥ ቤት ከገባች ወዲህ ሌላ ሥራ አታውቅም። ደንበኞቿ ሃምሳ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ቤቱ አይችልም። በየምሳ ሰዓቱ ሳህን ይዘው ደጅ ቆመው የሚበሉ አሉ። አሁን ደግሞ አከራይዋ የጎኑን ክፍል እለቃለሁ፣ የስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ካመጣሽ ያንቺ ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ግን ካልሆነ ለሌላ እሰጣለሁ ብሏታል። ለኪራዩ፣ ለጠረጴዛውና ለማቀዝቀዣው መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ያስፈልጋታል። ያን የሚያበድራት አነስተኛ አበዳሪ ተቋም የጠየቃት ሁለት ነገር ነበር፤ ደመወዝተኛ ዋስ፣ እና የዓመት የገንዘብ ፍሰት ትንበያ በኤክሴል።

ሄራን ወሮቹን ከየካቲት እስከ ጥር ከላይ ደረደረች። በጎን የሚገባውን፣ ከዚያ በታች የሚወጣውን ጻፈች። ወሩን ሲጀምሩ በእጅ ያለው ላይ የሚገባው ይደመራል፣ የሚወጣው ይቀነሳል፣ የተረፈው ለቀጣዩ ወር መነሻ ይሆናል፤ አንዷን ሣጥን ሲነኩ የቀሩት ሁሉ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ብድሩ ራሱ በየካቲት ገቢ ሆኖ ገባ፤ በዚያው ወር ለክፍሉና ለዕቃው ወጣ። ከመጋቢት ጀምሮ ወርኃዊ ክፍያው አሥራ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ብር ከወጪው መደዳ ተቀመጠ። ለቤት የምትወስጂውስ ብላ ሄራን ስትጠይቅ ከበቡሽ ያንን የንግዱ ወጪ አድርጋ አስባው አታውቅም ነበር።

«አሥራቱንስ፣ አክስቴ?»

«እሱን ማን ይጠይቀኛል? የእግዜር ነው።»

«የእግዜር ቢሆንም የሚወጣው ከዚሁ ካዝና ነው» ብላ ሄራን ጨመረችው።

እስከ ሰኔ ያለው መልካም ነበር። በየወሩ ብድሩን ከፍላ ሃያ ሺህ ብር ገደማ ይተርፋታል፤ ሰኔ ሲያልቅ ሰማንያ ስምንት ሺህ በእጇ ይገኛል። ከዚያ ተማሪዎቹ ወደየአገራቸው ይሄዳሉ። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ኪራዩና ብድሩ ይቀጥላሉ፣ የሚበላ ግን የለም፤ በየወሩ አርባ ሺህ ይቀልጣል። መስከረም መጨረሻ ላይ ሣጥኑ ቀይ ሆነ፤ ሠላሳ ሁለት ሺህ ጉድለት። ተማሪው ጥቂት በጥቂት ስለሚመለስ ጥቅምትና ኅዳርም ቀይ ናቸው። ታኅሣሥ ላይ ነው ቁጥሩ ወደ ጥቁር የሚመለሰው፤ ጥር ሲያልቅ አሥራ ስድስት ሺህ ይተርፋል።

ከበቡሽ ስክሪኑን አፍጥጣ አየችው። እሷ የምታውቀው ክረምት እንዲህ አልነበረም። ለካ ለዓመታት ክረምቱን ያሳለፋት እቁብ ነው፤ ነሐሴ ላይ እንዲወጣላት ዳኛውን ትለምን ነበር። ዘንድሮ ግን ልጇ ታሞባት በኅዳር ወስዳዋለች።

«የእቁቡን ብር ነሐሴ ላይ አስገቢው» አለች።

«የወጣለት ሰው ሁለተኛ አይወጣለትም። አንቺ ገና ስትከፍዪ ነው ያለሽው፤ መክፈያውን ጽፌዋለሁ።»

ማግስቱን ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። የብድር ባለሙያው ፍቃዱ ቀዩን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ከበቡሽ ክፍያው በክረምት ቢቆምልኝስ ብላ ጠየቀችው፤ የዚህ ብድር ደንብ በየወሩ እኩል ነው፣ ሌላ የለም አላት። ሄራን ብድሩ ቢቀነስስ አለች፤ ከተቀነሰ ደግሞ ለኪራይና ለዕቃ አይበቃም። ፍቃዱ ክፉ ሰው አልነበረም። እርሳሱን አንሥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የዓመቱን ገቢና ወጪ ለአሥራ ሁለት አካፍላችሁ በየወሩ እኩል አስገቡት፣ መጨረሻው ያው አሥራ ስድስት ሺህ ነው፣ ኮሚቴው ቀይ አያይም አለ።

ሄራን እዚያው ኮሪደር ላይ ሠራችው። እውነትም መጨረሻው ያው ነበር። ግን ኅዳርና ሐምሌ አንድ ዓይነት ሆኑ። «አክስቴ፣ ይሄ ዓመት ክረምት የለውም» አለች፤ ሳትስቅ።

ከበቡሽ ያንኑ ለፍቃዱ ሰጥታ ወጣች። ሰኞ ጋሽ ተክሌ የደመወዝ ማረጋገጫቸውን ይዘው መጡ። በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ይሠራሉ፣ በአጥቢያዋ ሽማግሌ ናቸው፤ ዋስ ሁኑኝ ስትላቸው «እሺ ልጄ» ያሉት ሳያወላውሉ ነበር። ሁለት ልጅ ያስተምራሉ። እሷ ካልከፈለች ከደመወዛቸው ይቆረጣል።

ፍቃዱ የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቱ አሳያቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ብዕሩን ያዙ፣ ከዚያ ትንበያውን ሳቡት። አንድ በአንድ አዩት። የተማሪ መውጫና መግቢያ ቀን የሚለጥፉት እሳቸው ናቸው።

«ከበቡሽ፣ ሐምሌና ነሐሴ ማን ነው የሚበላው?»

ፍቃዱ ወደ መስኮቱ ዞረ። የክረምት ሠልጣኞች አሉ ልትል ትችል ነበር፤ ጥቂት እንኳ ይመጣሉ። ጋሽ ተክሌ ይጠብቋታል፣ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም።

«ማንም፣ ጋሽዬ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«አካፍለነው ነው። እውነተኛው መስከረም ላይ ሠላሳ ሁለት ሺህ ይጎድላል። እስከ ታኅሣሥ አይመለስም።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ስንት ወር ከኔ ይቆረጥ ነበር ብለው ጠየቁ፤ ሦስት አለቻቸው። የልጆቼ ምዝገባ መስከረም ነው አሉ። ሲነሡ ትከሻዋን ነካ አድርገው፣ ቀድመሽ ብትነግሪኝ አብረን እናስብበት ነበር አሏት። ፍቃዱ ፋይሉን ዘጋው።

ሌላ ደመወዝተኛ አጥታ ቀረች። ባገኝም ያንኑ ይጠይቀኛል ብላ ደክሟት ተወችው። ክፍሉን አከራይዋ ለፀጉር ቤት ሰጠው፤ የማድረቂያው ድምፅ በግድግዳው በኩል ቀኑን ሙሉ ይሰማል። እሑድ እሑድ ጋሽ ተክሌን ሰላም ትላቸዋለች፣ እሳቸውም ይመልሳሉ። እንደ ድሮው ግን ቆመው አይጨዋወቱም።

ዛሬ ከበቡሽ ያንኑ ቤት ይዛ ሃምሳ ተማሪ ታበላለች፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሐይቅ ዳር በቆሎ ትቀቅላለች። ብድር የለባትም።