በሞንታርቦ የተባለ አይዞህ

ሶፋ ሰሪዋ ቂም የምትይዘው እንደ ሥራዋ ነው፤ ውስጡን ጠቅጥቃ ላዩን በጨርቅ ታሳምረዋለች። ከላይ ላያት ሰው ለስላሳ ናት። ጎረቤቱም እትዬ ስፖንጅ ይላታል፣ እሷም መጀመሪያ ስሙን ብትጠላውም ቆይታ ለምዳዋለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ወርክሾፑን ብቻዋን ይዛለች። የተሰበረ ሶፋ ትገለብጣለች፣ ያረጀ ስፖንጅ ታወጣለች፣ አዲስ ትሞላለች፣ ጨርቁን ወጥራ በስቴፕለር ትመታለች። ሥራዋን የሚያደንቅ ብዙ ነው። እኔ ግን ስለ ሶፋዋ አይደለም የማወራው።

እኔ ከእሷ ሁለት በር አልፎ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ሐኪም ነኝ። ሰው ማከም ትቼ እንስሳ የመረጥኩት እንስሳ ስለማይዋሽ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር ውስጥ ከሁሉ ያፈርኩት በራሴ መሆኑን ከአሁኑ እወቁልኝ።

እትዬ ስፖንጅ ድንቡሼ የምትባል ውሻ አለቻት፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ከምግብ ሌላ ሃይማኖት የሌላት። አምና በአንድ የበዓል ቀን ከሰዓት በኋላ ድንቡሼ አጥር ሥር ተኝታ ሳለ፣ የሚቀጥለው ግቢ ባለቤት ርችት ለኩሶ በአጥሩ ላይ ወረወረባት። ሰውየው ለሠርግና ለበዓል ሞንታርቦ የሚያከራይ ነው፤ ሲያወራም ማይክ የያዘ ይመስለዋል። ርችቱ ከአፍንጫዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ፈነዳ። ግቢው ሙሉ እንግዳ ሳቀ። ድንቡሼ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ያን ሁሉ ሆዷን እንዴት እንዳሾለከችው ፈጣሪ ይወቅ፣ ጠፋች።

እትዬ ስፖንጅ አሥራ አንድ ቀን ፈለገቻት። ስታገኛት ድልድይ ሥር ነበረች፤ የፊት እግሯ ተሰብሯል፣ አጥንቷ በቆዳዋ ይቆጠራል። ወደ እኔ ተሸክማ ስታመጣት መንገድ ላይ ባለሞንታርቦው አገኛትና፣ "ውሻ እኮ ናት እትዬ፤ ሰው የሞተ አስመሰልሽው" አላት። እሷ ውሻዋን አቅፋ አለፈችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እግሯ ዳነ፤ ጆሮዋ ግን አልዳነም። ድምፅ በተሰማ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች፣ ምራቋ ይዝረከረካል፣ የስፌት ማሽኑ ሥር ትወሸቃለች። ነጎድጓድ ሲመጣማ ሰማዩ ገና ሳይጮህ ከደመናው ጋር አብራ ትጠቁራለች። ድንቡሼ ስቴፕለሩን እንኳን መስማት ስላቃታት እትዬ ስፖንጅ በመርፌና በክር ወደ መሥራት ተመለሰች። እኔም የማውቀውን ነገርኳት።

መጀመሪያ መሸሸጊያ አልኳት። በዚህ ላይ ከእኔ ትበልጣለች። መስኮት በሌለው የውስጥ ክፍል ጥግ ላይ በሦስት ጎን ወፍራም ስፖንጅ ያለው፣ በላዩ ድርብ የመጋረጃ ጨርቅ የተጣለበት ሣጥን ሠራችላት። አፉ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ስትፈልግ ትገባለች፣ ስትፈልግ ትወጣለች፣ ማንም ጎትቶ አያስገባትም። አጠገቡ ቬንትሌተር አቆመች፤ የማያቋርጥ ዝቅተኛ ድምፁ የውጪውን ይሸፍናል። ስትፈራ ማባበል ያባብስባታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ፍርሃት በመደባበስ አይጨምርም፣ የሚጨምረው በቁጣ ነው አልኳት።

ቀጥሎ የተቀዳ ድምፅ ሰጠኋት፤ ነጎድጓዱን ለብቻ፣ ርችቱን ለብቻ፣ ምክንያቱም አንዱን የለመደ ውሻ ሌላውን ለመደ ማለት አይደለም። ቴፑን ድንቡሼ ጆሮዋን ብቻ ቀና እስክታደርግ ድረስ ዝቅ አድርጊው፤ ድምፁ ይቅደም፣ የምትሰጫት ቁራጭ ጉበት ይከተል፤ በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ስትለምደው ድምፁን ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። ያለ እንቅልፍ ካዛጋች፣ ከንፈሯን ከላሰች፣ ጭራዋን ከወሸቀች ልኩን አልፈሻል ማለት ነውና ወደ ኋላ ተመለሽ አልኳት። እትዬ ስፖንጅ ድምፁ በደረሰበት ልክ፣ በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔዋ የቴፑ ድምፅ መጨመሪያ ዳር ላይ ጭረት ታደርግ ነበር። አንዳንድ ሳምንት ጭረቱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። አንዴ ቸኩላ ሁለት ጭረት ስትዘል ድንቡሼ ጉበቱን ትታ ወጣች፣ ያም ልምምዱን አሥራ አምስት ቀን ወደ ኋላ መለሰባት። ከዚያ በኋላ ቸኩላ አታውቅም። ርችት ወይም ነጎድጓድ የሚጠበቅበት ቀን ሲደርስ ደግሞ አስቀድሞ የሚሰጥ ማረጋጊያ አዘዝኩላት፤ ሰውነትን አደንዝዞ ፍርሃቱን ውስጥ የሚቆልፈውን ዓይነት ሳይሆን ፍርሃቱን ራሱን የሚያቀለውን።

ስምንት ወር ፈጀ። የክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ ነጎድጓድ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መጣና ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። የተቀዳው ድምፅ መብረቁንና የአየሩን መለወጥ ስለማይጨምር ሰግቼ ሄጄ ነበር። ድንቡሼ ቀና ብላ አየችን፣ ቀስ ብላ ሣጥኗ ውስጥ ገባች፣ አጥንቷን መቆርጠም ጀመረች። እትዬ ስፖንጅ አለቀሰች። በዚያው ሰዓት ከአጥሩ ማዶ የባለሞንታርቦው ውሻ ሲጮህና በር ሲቧጥጥ ሰማን። ጀነራል ይሉታል፤ ጥጃ የሚያክል፣ ፖስተኛ ያባረረ፣ ነጎድጓድ ሲሰማ ግን ማዕረጉን የሚጥል።

በማግስቱ ባለሞንታርቦው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመ። እዚያው ነበርኩ። ጀነራል በሩን ሲያኝክ ሁለት ጥርሱን እንደሰበረ፣ ሚስቱም ይህ ውሻ ካልዳነ ይውጣልኝ እንዳለች አወራና፣ "እትዬ፣ የአንቺዋን ምን አደረግሻት?" አላት።

እሷ ክር በመርፌ ቀዳዳ እያሾለከች ነበር። "ቀላል ነው" አለችው። "ክፍል ውስጥ ዝጋበትና ያለህን ድምፅ ሁሉ ክፈትበት። እስኪለምደው በሩን አትክፈትለት። ባንድ ቀን ይወጣለታል።"

እኔ አፌን ከፈትኩ። እሷ አየችኝ። አፌን ዘጋሁ። ይኸው ነው ያልኳችሁ እፍረት። ያ ሰው አምና የሳቀው ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ስለነበር፣ እስቲ እሱም ይቅመሰው አልኩ። ውሻው ምን አደረገ ብዬ ሳልጠይቅ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሰውየው አራት ሞንታርቦ ደርድሮ የነጎድጓድ ድምፅ ለቀቀ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የመስታወት ድምፅ ተሰማ። ጀነራል በመስኮቱ ወጥቶ፣ አጥሩን ዘሎ፣ ክፍት ባገኘው በር እየሮጠ ገባ፤ የእትዬ ስፖንጅ ወርክሾፕ ነበር። በሶፋዎቹ መሃል አልፎ በቀጥታ የድንቡሼ ሣጥን ውስጥ ተወተፈ። የሰፈሩ ጸጥ ያለ ቦታ ያ ብቻ መሆኑን እንስሳው ማንም ሳይነግረው አወቀ። ድንቡሼ ለወጉ ያህል አጉረመረመችና ጥግ ሰጠችው።

ደረቱና መዳፉ በመስታወት ተቆርጦ ስለነበር እኔን አስጠራችኝ። እየሰፋሁት ሳለ በሩ ተንኳኳ። ባለሞንታርቦው ነበር፤ ጀነራልን አይታችሁታል ወይ ይላል።

"አላየሁም" አለች እትዬ ስፖንጅ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። ዘግታው ስትመለስ ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ደስታ ነበር። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አሥራ አንድ ቀን አለችኝ፤ እኔ እንደፈለግኩ ይፈልግ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን እሰጠዋለሁ፣ አንድ ቀን አልጨምርበት፣ አንድ ቀን አልቀንስለት። ሌላ ሰው ቢሆን እከለክለው ነበር፤ የእሷን ግን ሰምቼ ቁስሉን መስፋቴን ቀጠልኩ።

በየቀኑ ጠዋት የሰውየውን ድምፅ እንሰማለን፤ ጀነራል፣ ጀነራል እያለ በእግሩ ይዞራል። በአራተኛው ቀን ድምፁ ጎረነነ። በስድስተኛው ቀን ግድግዳ ላይ የውሻውን ፎቶ ለጠፈ። እሷ ስፖንጅ እየቆረጠች ታዳምጣለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እሷ ግን ጸሎቱንም አቁማ ነበር፣ ቀን ብቻ ትቆጥራለች።

አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋባን። ጀነራል ቁስሉን ሳጥብለት ዝም ይላል፣ ከእጇም ጉበት ይበላል። አንድ ቀን ግን እትዬ ስፖንጅ ራሱን እየደባበሰች "አይዞህ" ስትለው ሽንቱን ለቀቀ። ተንቀጠቀጠ፣ ምላሱ ወጣ፣ ሣጥኑን ሊቀድ ደረሰ። ድምፅ የለም፣ ደመና የለም። ዳግመኛ ሞከረች፤ ያው ሆነ። ሌላ ምንም ብትለው ግድ የለውም። ከዚያች ቃል በስተቀር።

በአሥራ አንደኛው ቀን አስጠራችው። ባለሞንታርቦው ሲገባ ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ ነበር። ውሻህ እኔ ጋ ነው አለችው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔ ጋ ነበር፤ የሰጠሁህ ምክርም መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ነበር፤ አውቄ ነው ያደረግኩት አለችው። ይህን ስትል ቀጥ ብላ ቆማ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የተለማመደችው ንግግር ነው።

እሱ ግን የሰማ አልመሰለኝም። ሣጥኑ ፊት ተንበረከከና፣ በጎረነነ ድምፁ "አይዞህ ጀነራልዬ፣ አይዞህ" አለ።

ውሻው ከእሱ እየሸሸ በሣጥኑ የኋላ ግድግዳ ሊገባ ሞከረ። ጥፍሩ ስፖንጁን ሲቧጥጥ ይሰማል። ድንቡሼ እንኳ ተነስታ በመሃላቸው ቆመች። ሰውየው እጁን ዘርግቶ ቀረ። ሐኪም ስለሆንኩ ጠየቅኩት፤ ያን ዕለት ውሻውን ምን አልከው? መጀመሪያ አልገባውም ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረን። ውሻው ክፍሉ ውስጥ ሲጮህ የእሱ አንጀት አልቻለም፤ በሩን እንዳይከፍት እትዬ ከልክላዋለች፤ በድምፁ መሃል እንዲሰማው ብሎ ማይኩን አንስቶ በአራቱም ሞንታርቦ አይዞህ፣ አይዞህ ሲለው ነበር። መስታወቱ እስኪሰበር።

እትዬ ስፖንጅ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፣ እጇ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

ሰውየው ከተንበረከከበት ሳይነሳ ቀና ብሎ አያት። "እትዬ" አላት፣ በሹክሹክታ፣ ውሻውን ላለማስደንገጥ። "እኔ የአንቺዋን ያስደነገጥኳት ሳላስብ ነው። ባለጌ ነኝ፣ ስቄያለሁ። አንቺ ግን ውሻ እንዴት እንደሚፈራ አንድ በአንድ ተምረሽ ነው ያደረግሽው።"

መልስ ትሰጠዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ያቺ ሴት ለስምንት ወር መልስ ስትሰፋ የኖረች ናት። እሷ ግን ወደ ሣጥኑ አየች።

ከዚያ ወንበር አንስታ በሩ ጋ፣ ከሣጥኑ በጣም ርቃ አስቀመጠችለት። እዚህ ትቀመጣለህ አለችው፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። አይዞህ የምትለዋን ቃል ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅሰህ ትለዋለህ፣ ድምፅ እንዳታወጣ፤ እኔ ወዲያው ጉበት እሰጠዋለሁ። ካዛጋ ወንበሩን ወደ ኋላ ትስባለህ።

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አላት።

አላውቅም አለችው፤ ተቀምጣም ጉበት መቁረጥ ጀመረች። ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ቢላዋውን ወሰድኩባትና እኔ ቆረጥኩት።