ከመቶ አርባ የማያልፈው ኦቨን

ጋሼ ቆይ ይሏቸዋል። ኦቨንና ማጠቢያ ማሽን ሲጠግኑ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ከአፋቸው የማይጠፋው «ቆይ» ነው። ምን ሆኖ ነው ሲሏቸው ቆይ፣ መቼ ያልቃል ሲሏቸው ቆይ። ሚስታቸው «ለጋብቻም ቆይ ብለውኝ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ» እያሉ ያሾፉባቸዋል። እሳቸው ግን ሳይለኩ መናገር አይሆንላቸውም።

አንዲት ኬክ ጋጋሪ ጠዋት ደውላ «ለማንኛውም ኦቨኑን ይዩልኝ» አለቻቸው። ቤቷ እየጋገረች ለሁለት ካፌዎች የምታስረክብ ሴት ናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአንድ ሆቴል ሼፍ ኬኳን ሊቀምስ ይመጣል። ከወደደው በየቀኑ ልትጋግርለት ነው፤ ካልወደደው ግን ሁለቱም ካፌዎች ፊት ነስተዋታልና እንጀራዋ አለቀለት ማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ኬኳ ላዩ ይጠቁራል፣ ሥሩ ይነጣል፣ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ዱቄት ቀየረች፣ ቅቤ ቀየረች፣ አልተለወጠም። የባሏ እህት አንዱን ቆርሳ ቀምሳ «እጅሽ ድሮ ቀረ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ እንቁላል በሰበረች ቁጥር እጇን እያየች ትፈራለች።

ጋሼ ቆይ ቴርሞሜትራቸውን ባዶው ኦቨን መሃል አስቀምጠው ማዞሪያውን መቶ ሰማንያ ላይ አደረጉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት። ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሰርቃ ታያለች፣ እሳቸው የኦቨኑን መብራት። ሙቀቱ መቶ አርባ አካባቢ ሲደርስ መብራቱ ይጠፋል፣ መቶ ሃያ ሲወርድ ይበራል። አማካዩ መቶ ሠላሳ ነው፤ ሃምሳ ዲግሪ ጎድሏል። እሷም ሳታውቀው በግምት ስታካክስ ኖራለች፤ ማዞሪያው ዳር ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ምልክት አድርጋለች።

«ኦቨኑስ እርስዎ ቴርሞስታቱን ከቀየሩልኝ ወዲህ ደህና ነው ጋሼ፤ እኔ ነኝ እንጂ» አለቻቸው።

ጋሼ ቆይ ቀኑን ቆጠሩ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት የቀየሩት የዛሬ ሁለት ወር ነው።

ሥሩ የሚነጣው ከታችኛው ማሞቂያ ሊሆን ይችላል ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ኤሌክትሪኩን ነቅለው፣ ሽቦዎቹን ፈተው የማሞቂያዎቹን የኤሌክትሪክ መቋቋም ለኩ። የላይኛው ሃምሳ አራት ኦም፣ የታችኛው አርባ አራት፤ አንዳቸውም አልተቃጠሉም፣ ወደ ብረቱ ኤሌክትሪክ የሚያፈስም የለም። መቃጠላቸውን ሲመኙ እንደነበር ያወቁት ያኔ ነው፤ በራሳቸውም አፈሩ።

ባትሪ አብርተው አንገታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ከቴርሞስታቱ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ጫፉ ላይ ትንሽ ዘንግ አለችው፤ የኦቨኑን ሙቀት የምታዳምጠው እሷ ናት። የኦቨኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ባለው መያዣ ክሊፕ ላይ መሰካት ነበረባት። ክሊፑ ግን ባዶውን ነው፤ ዘንጓ ወርዳ የላይኛው ማሞቂያ ላይ ተጋድማለች። የምታዳምጠው የማሞቂያውን ግለት ስለሆነ ኦቨኑ ሳይሞቅ ሞቋል እያለች ታስጠፋለች። ቴርሞስታቱን በቀየሩበት ቀን ስልክ ተደውሎላቸው ነበር፤ ክሊፑን ሳይጫኑት ከድነውት ሄደዋል።

ዘንጓን መልሶ መሰካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከማዞሪያው ሥር ያለችውን የማስተካከያ ብሎን ነካ አድርገው «ትንሽ ተዛብቶ ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ» ቢሏት ማን ያውቃል? የሠላሳ ዓመት ስማቸው ነው። ቀና ሲሉ ሴትዮዋ እጇን ሽርጧ ላይ እያሸች ቆማለች፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ታሸዋለች።

«እጅሽ ምንም አልሆነም፣ ልጄ» አሏት። «ያጠፋው የእኔ እጅ ነው።» ሁሉንም አሳዩዋት።

ዘንጓን ክሊፑ ላይ ጠቅ እስኪል ሰክተው እንደገና ለኩ፤ መቶ ዘጠና ላይ ጠፋ፣ መቶ ሰባ ሁለት ላይ በራ። ብሎኗን መንካት አላስፈለገም። ሴትዮዋ ሊጡን አስገባች፤ ጣቷ ግን በልማድ ማዞሪያውን ወደ ቀዩ ምልክት ወሰደው።

«ቆይ» አሏት።

መቶ ሰማንያ ላይ መለሰችው፤ ቀዩንም ቀለም በጥፍሯ ፋቀችው። ጋሼ ቆይ ዕቃቸውን ሰብስበው ጨርሰዋል፤ መሄድ ግን አቃታቸው። ካልሆነስ?

ሼፉ በሰዓቱ መጣ። ቆረሰ፣ ሥሩን ገልብጦ አየ፣ ቀመሰ፣ ደገመ። ሰኞ ትጀምሪያለሽ አላትና «እጅሽ ይባረክ» ሲል መረቃት።

ሴትዮዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«እሳቸውን አመስግን» አለችው ሼፉን፤ «እጄን የወሰዱብኝም የመለሱልኝም እሳቸው ናቸው።»