በእርሳስ ተጽፎ የጠፋው ጥያቄ

አባቴ የራሳቸውን ቤት ሳያንኳኩ አይገቡም ነበር። ሲመሽ አስኮ ያለውን የቤታችንን የቆርቆሮ በር በቁልፋቸው ይመቱና «ቤቱ ሰላም ነው?» ይላሉ። የሚገቡት እናቴ «ሰላም ነው፣ ግባ» ስትላቸው ነው።

ከቀብራቸው በኋላም ሲመሽ ውሻችን ተነስቶ በሩ ሥር ይቆማል፤ እናቴም «ቁልፉ ተሰማኝ» ብላ ተከትላው ሄዳ ትከፍታለች። ጋዜጠኛ ነኝና ሳላይ አላምንም። ወጥቼ መንገዱን አየሁ፤ ማንም አልነበረም።

ለመቃብራቸው ድንጋይ 18 ማዞሪያ አካባቢ ወዳለ እብነ በረድ ቀራጭ ሄድን። ስማቸውና ዘመናቸው ከሰፈረ በኋላ ለአንድ አጭር መስመር ብቻ ቦታ ቀረ። ቀራጩ «በጌታ አንቀላፉ» የሚለውን የተለመደ ቃል አሳየን።

«እሱ ቤቱን ሳይጠይቅ መች ተኝቶ ያውቃል?» አለች እናቴ።

እኔ «‹ቤቱ ሰላም ነው?› ይባል» አልኩ። ቀራጩ ድንጋዩ ላይ በእርሳስ ነደፈው። እናቴ ብዙ አየችውና «አጥፋልኝ ልጄ» አለችው። «እዚያም ሆኖ ሲጠይቅ ሊኖር ነው? ማን ይመልስለታል? ‹ቤቱ ሰላም ነው፤ ዕረፍ› በልልኝ።»

አንዴ በመሮ ከተቀረጸ ስለማይታረም ቀራጩ አዲሱን ንድፍ ደግሞ ደጋግሞ አስነበባት። ከዚያ ቀረጸው፤ ፊደሎቹንም በጥቁር ቀለም ሞላቸው።

ድንጋዩ የቆመ ዕለት ሲመሽ ውሻው ከተኛበት አልተነሳም። እናቴም ሹራቧን መሥራት ቀጠለች። ቁልፍ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰምቼ ወደ በሩ የሄድኩት እኔ ነኝ።