ስማቸውን ብቻ ደበቅሁ

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። መንዝ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየሄድሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥሁት ርእስ የጓሳ አጠባበቅ ታሪክ ነበር። ቤት የሚከደንበት የጓሳ ሣር ከአጨዳና ከግጦሽ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ነበር የሚታጨደው። ደንቡ በአብዮቱ ዘመን እንዴት እንደላላ የጻፈ ሰው አላገኘሁም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነበር።

ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይዤ ወደ ወረዳው፣ ከወረዳውም ወደ ቀበሌው ሄድሁ። ሰዎችን ማነጋገር ስጀምር ሁሉም የሚነግረኝ አንድ ዓይነት ነገር ሆነ። የድሮውን ደንብ አሳምረው ያወራሉ፤ ደንቡ ወደፈረሰበት ዘመን ስንደርስ ግን ወሬው ያጥራል። «ጊዜው ነው ልጄ» ይሉና ስለ ብርዱ ያነሡብኛል። በመጨረሻ አንድ ቄስ «እሳቸውን ጠይቂ፤ ወንድማቸው የጓሳው ጠባቂ ነበር» ብለው ወደ አንዲት መነኩሲት ላኩኝ።

እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለች አንዲት ጠባብ የድንጋይ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ቀጭን ናቸው። ቆባቸው ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል። የስምምነት ቅጹን አውጥቼ ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጡኝና የጣት አሻራ የሚደረግበትን ቦታ ሳሳያቸው እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሰበሰቡ።

«ጣቴን ለወረቀት አልሰጥም» አሉ። «ያን ጊዜ አሻራ አድርጉ ብለውን አድርገናል። ምን እንደተጻፈበት እስከ ዛሬ አላወቅነውም።»

«ግድ የለም እማሆይ። ካልፈለጉ በቃልዎ ይበቃል። መቅጃውን ከፍቼ ሁሉንም እንደገና እጠይቅዎታለሁ፤ እርስዎም ይመልሱልኛል። የእህትዎ ልጅ ምስክር ትሁነን።»

የእህታቸው ልጅ ከሞላሌ ከተማ ልትጠይቃቸው መጥታ እዚያው ነበረች። በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ ሦስታችን ቁጭ አልን። መቅጃውን እንዳይንኳኳ በተጣጠፈ ጋቢ ላይ አኖርሁት፤ ሞክሬም ሰማሁት። ከዚያ ቀኑንና ቦታውን ተናግሬ የማጠናው ምን እንደሆነ፣ ጽሑፉን ማን እንደሚያነበው፣ ያልፈለጉትን ጥያቄ ማለፍ እንደሚችሉ፣ ሐሳባቸውን ከለወጡም የተናገሩትን እንደሚያስወጡ ዘረዘርሁላቸው። ስለ ድምፁ ለብቻ፣ ስለ ስማቸው ለብቻ ጠየቅኋቸው።

«ድምፄን ውሰጂ፤ ፈቅጃለሁ» አሉ። «ስሜን ግን አታንሺ። የምነግርሽንም ሰው ማንነት ማንም እንዳያውቅብኝ። ልጆቹ አጠገቤ ናቸው።»

«አላነሣም እማሆይ።»

«ማይልኝ።»

«በእግዚአብሔር።»

ያን ዕለት የተናገሩትን ከዚያ በፊት ለማንም አልተናገሩትም ነበር። ወንድማቸው ሣሩን ያለጊዜው ሲያጭዱ ያገኛቸውን ሰዎች ማጭድ ቀማ። ደንቡ ፈርሷል ሲሉት አልሰማም አላቸው። ጥቂት ሰንብቶ መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጡ። ቤት ውስጥ እሱና እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከታጣቂዎቹ ጋር በር ላይ ቆሞ «እሱ ነው» ብሎ በጣቱ ያሳየው ሰው አበልጁ ነው፤ ወንድማቸው ልጁን ክርስትና ያነሣለት ሰው። ወንድማቸው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ሬሳውም አልተገኘም።

«አበልጁ መሆኑን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ» አሉ። «እናቴ እንኳ ሳታውቅ ሞተች። ብትሰማ ሰውየውን ትረግመዋለች፤ እርግማኑ ደግሞ ለክርስትና ልጃችን ይተርፋል ብዬ ዝም አልሁ።»

መቅጃውን ዘጋሁ። የእህታቸው ልጅ ታለቅስ ነበር። እማሆይ አላለቀሱም። እኔ ልቤ በደስታ ይመታ እንደነበር ዛሬ መናገር ያሳፍረኛል። ለጽሑፌ የጎደለኝን አግኝቼ ነበር።

የታሪክ ትምህርት ክፍላችን ደንብ ግልጽ ነው። በጽሑፉ መጨረሻ የመረጃ ሰጪዎች ሠንጠረዥ ይኖራል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ አስተያየት። በግርጌ ማስታወሻውም ማን፣ የትና መቼ እንደተናገረ ይጻፋል። ስም ያልፈቀደ ሰው ካለ በመለያ ቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ደግሞ ከጽሑፉ ተለይቶ ተቆልፎ ይቀመጣል። እኔም እማሆይን «መረጃ ሰጪ ሰባት» አልኋቸው። የስሞቹን ዝርዝር ከድምፁ ጋር ሳይሆን ለብቻው ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍሁበት። የገባሁትን ቃል የጠበቅሁ መሰለኝ።

አማካሪዬ ረቂቁን አንብበው ጠሩኝ።

«ይቺ ሰባት ቁጥር ማን ናት? አንድን ሰው በከባድ ነገር የምትከስስ ምስክር ናት። አንባቢው ለምን ያምናታል? በወሬ ሰምታ ነው ወይስ አይታ?»

«አይተው ነው። ስማቸውን ግን ላለማንሣት ቃል ገብቻለሁ።»

«ስሟን አልጠየቅሁሽም። ምስክርነቷ ምን ያህል ክብደት እንዳለው አሳዪ ነው የምልሽ። እንዴት እንደምታሳዪ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሰዎቹን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ።»

ትክክል ነበሩ። አገሩን የማላውቅ ሰው ብሆን ኖሮ በራሴ ላይ ባልፈረድሁ ነበር፤ እኔ ግን የአገሩ ልጅ ነኝ። በሠንጠረዡ የአስተያየት ዓምድ ላይ «መነኩሲት፤ የጠባቂው እህት፤ ሲወሰድ ቤት ውስጥ የነበሩ ብቸኛ ሰው» ብዬ ጻፍሁ። ዕድሜያቸውንና ቀበሌውንም እንዳሉ ተውኋቸው። በምዕራፉ ውስጥ ደግሞ የጠቆመውን ሰው ስም ሳልጠራ «ጠባቂው ልጁን ክርስትና ያነሣለት ጎረቤት» አልሁት። ለፈታኞቼ ይህ ሁሉ ስም የለሽ ነበር። በዚያ ቀበሌ ውስጥ ግን እንዲህ የምትባል መነኩሲት አንዲት ብቻ፣ እንዲህ የሚባል ጎረቤትም አንድ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለተኛ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር። የፈረምሁትን ጽሑፍ አንድ ቀን ብቻ የዚያ መንደር ሰው ሆኜ ባነበው ኖሮ አየው ነበር። አላነበብሁትም።

ፈታኞቹ ያን ክፍል አመሰገኑት። ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ለሕዝብ ክፍት ይሁን ወይስ ለጊዜው ይዘጋ የሚል ጥያቄ ያለበት ቅጽ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ክፍት ይሁን የሚለው ላይ ምልክት ያደረግሁት እኔው ነኝ። ብዙ ሰው እንዲያነበው ፈልጌ ነበር።

ከዓመት በኋላ የእማሆይ የእህት ልጅ ከሞላሌ ደወለችልኝ።

«ምን አድርገሽብን ነው?» አለችኝ። ድምፅዋ የቁጣ አይደለም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «የዚያ የአበልጁ ልጅ ስለ ጓሳ ሲፈልግ ጽሑፍሽን በስልኩ አግኝቶ በወረቀት አሳትሞታል። ቀበሌው ሁሉ አንብቦታል። ማንበብ የማይችለውም ተነቦለታል።»

በማግስቱ ወደ እማሆይ ሄድሁ። ያ ልጅ ወንድማቸው ክርስትና ያነሣው፣ እማሆይም እርግማን እንዳይደርስበት ብለው ዝም ያሉለት ነው። አሁን ሽምግልና ጀምሮታል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰንበቴ ኃላፊም ነው። ወረቀቱን ይዞ በራቸው ላይ ቆሞ «የሞተ አባቴን ስም ለዓለም ሁሉ አጠፉ» ብሏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ በሰንበቴው አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ውኃ የምትቀዳላቸው የሱ ምራት ነበረች፤ እሷም ቀረች።

እማሆይ አልጮኹብኝም። የተቀመጡበት ሆነው ቀና ብለው አዩኝ።

«ስሜን አላነሣሽም አሉኝ» አሉ። «እውነት ነው?»

«አላነሣሁም እማሆይ፤ ግን...»

«ታዲያ በምን አወቁኝ?»

ስለ ዓምዱ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ አማካሪዬ ጥያቄ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውሁት።

«ሐሳቤን ከለወጥሁ ታወጪዋለሽ ብለሽኝ ነበር። ለውጫለሁ። አውጪው።»

ቤተ መጻሕፍቱ ጽሑፉን ከድረ ገጹ ለማውረድ ደብዳቤ፣ የአማካሪዬ ፊርማና ሳምንታት ፈጀ። ወረደ። የታተመውን ግን ከማን ከማን እጅ እሰበስበዋለሁ? አማካሪዬ ይህን ሲሰሙ ጽሑፉን ከፍተው ያን አንቀጽ ፈለጉ። ከዚያ «ፈቃዷን ካነሣች ቃሏ ይወጣል። ቃሏ ሲወጣ ደግሞ ያ አንቀጽ ምንጭ የለውም፤ እሱም ይወጣል። ሌላ ምስክር አለሽ?» አሉኝ።

ሌላ ምስክር አልነበረኝም። በተስተካከለው ቅጂ ላይ ስለ ወንድማቸው የቀረው «ከጠባቂዎቹ አንዱ በዚያ ዘመን ጠፍቷል» የሚል አንድ መስመር ነው። ማን እንደጠቆመው፣ ማጭድ መቀማቱን፣ «አልሰማም» ማለቱን የሚናገር ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከዚያ በኋላ የለም። ወንድማቸውን ሁለተኛ ያጠፋሁት ያህል ተሰማኝ፤ እሳቸውን ለማትረፍ ነው እንዳልል ደግሞ እሳቸውም አልተረፉም።

ድምፁን ፊታቸው ለማጥፋት ይዤ ተመለስሁ። ከኮምፒውተሬና መጠባበቂያው ካለበት ማስቀመጫ ላይ አስቀድሜ ሰርዤ የመጨረሻውን መቅጃው ላይ ብቻ ተውሁት።

«ሳታጠፊው አሰሚኝ» አሉ።

ከፈትሁላቸው። የራሳቸው ድምፅ የወንድማቸውን ስም ሲጠራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከቀረጻው ቀን በቀር በዚያ ቤት ስሙ ጮክ ተብሎ ከተጠራ ስንት ዓመት እንደሆነው አላውቅም። ፎቶግራፍ የለውም፤ መቃብርም የለውም። እስከ መጨረሻው ሰሙት። «እሱ ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ ጣታቸው ነጠላቸውን ያዘ።

«እማሆይ፣ ይህ ድምፅ እርስዎ ዘንድ ይቅር። ለማንም አይሰጥም። ወይም ለእህትዎ ልጅ...»

«አጥፊው።»

አጠፋሁት። መቅጃው «ባዶ» የሚል ጽሑፍ አሳየኝ። ሳሳያቸው አላዩትም።

በዚያው ዓመት የእህታቸው ልጅ ሞላሌ ወሰደቻቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከእናታቸው አጠገብ ለመቀበር የለዩትን ቦታ ትተው ሄዱ። ባለፈው የገበያ ቀን ልጠይቃቸው ገባሁ። ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና መረቁኝ። ከዚያ ቦርሳዬን አዩ።

«ስልክሽን ከውጭ አስቀምጪው» አሉኝ።

ቦርሳዬን እንዳለ ለእህታቸው ልጅ ሰጠሁ። ስለ ገብሱ ጠየቁኝ፤ ዘንድሮ ውርጭ እንደመታው ነገርኋቸው። አውቶብሱ ሊሄድ ነው ሲባል ተነሣሁ።