ያልታጠበው ከሰል

በቤተ ሙከራው ውስጥ እንደ እሷ እጀ ንጹሕ ሰው አልነበረም። ሥራዋ ማጠብ ነው። ከመሬት የወጣ ከሰል፣ አጥንትና የእንጨት ስባሪ አጥባ፣ አድርቃ ዕድሜ ለሚለካው ማሽን ታዘጋጃለች። ባልደረቦቿ «እመት ንጽሕት» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም ቀልዱን ትወደዋለች።

ታላቅ ወንድሟ የጥንት ሰዎችን መኖሪያ እየቆፈረ የሚያጠና ሰው ነበር። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነው። አርባ ዓመት ሞልቷትም «ወንድም ጋሼ» ከማለት በቀር በስሙ ጠርታው አታውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ጭቃ በጠጣ ጫማው ዘው ብሎ ገባና አንዲት ብልቃጥ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«ከዋሻው ምድጃ የወጣ ከሰል ነው» አላት። «ስድስት ዓመት የለፋሁት ለዚህች ነው። ከአሥራ አንድ ሺህ ዓመት በላይ ይሆናል ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። የሙያ ባልደረቦቼ ግን አበዛኸው አሉኝ።»

«ትንሽ ናት እኮ ወንድም ጋሼ።»

«ያለችው እሷው ናት። አደራሽን።»

ነገሩን እሱም እሷም ያውቁታል። ዛፍ በሕይወት ሳለ ከአየሩ ካርቦን ይስባል፤ በዚያ ውስጥ ከጊዜ ጋር በራሱ የሚፈርስ እጅግ ጥቂት የካርቦን ዓይነት አለ። ዛፉ ሲሞት መሳቡ ይቆማል፣ ያለው ብቻ እየፈረሰ ይሄዳል። በአምስት ሺህ ሰባት መቶ ሠላሳ ዓመት ግማሹ ይቀራል፤ ያን ያህል ጊዜ ሲደገም ደግሞ የግማሹ ግማሽ። ስለዚህ ማሽኑ «ሩብ ቀርቷል» ካለ፣ ዛፉ ከሞተ በግርድፉ አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሆኖታል ማለት ነው።

መጀመሪያ በአሲድ አጠበችው። ቀጥሎ የኮስቲክ ሶዳ ውሃው ተራ ነበር። ሶዳው ከላይ ካለው አፈር ወደ ከሰሉ የሰረገውን ጥቁር ጭማቂ ያወጣል፤ ጭማቂው የኋለኛ ዘመን ዕፅዋት ብስባሽ ስለሆነ፣ ካልወጣ ከሰሉን ከዕድሜው ያነሰ ያስመስለዋል። አንዲት ፍርፋሪ ብትነክርበት ፈሳሹ ወዲያው ጠቆረ፣ ፍርፋሪዋም ሟሟች። የቀረውም እንዲህ ቢሟሟ የወንድሟ ስድስት ዓመት በእጇ ላይ ሊቀልጥ ነው። ስለዚህ ሶዳውን ተወችው። ቅጹ ላይ ግን «በሶዳ ታጥቧል» ከሚለው ፊት ለፊት ምልክት አደረገች፤ በኋላ አስረዳለሁ ብላ። ለማሽኑ የማትበቃ ጥፍር የምታክል ቁራጭ ተርፋ ስለነበር እሷን ብልቃጡ ውስጥ መልሳ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተቻት።

ውጤቱ መጣ። የቀረው ሩብ ሳይሆን ከመቶ ሠላሳ ሁለት ተኩል ነበር፤ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት። ሶዳው ትዝ ብሏት ነበር። «ትንሽ ቆሻሻ ሁለት ሺህ ዓመት አያጎድልም» ብላ ራሷን አታለለች። ወረቀትና እርሳስ አንስታ ብታሰላው ኖሮ አንድ አሥረኛው አዲስ ካርቦን ከሆነ እንደሚበቃ ታይ ነበር። አላሰላችውም።

በሙያው ስብሰባ ላይ ባልደረቦቹ ሳቁበት። ለቁፋሮው የሚሰጠው ድጋፍ ተቋረጠ። ዓመት ሳይሞላ ሥራውን ትቶ ትምህርት ቤት ገባ፣ ልጆች ማስተማር ጀመረ። «በቃ ተሳስቻለሁ» ይላል ሰው ሲጠይቀው። እሷ አጠገቡ ሆና ትሰማለች፣ ዝም ትላለች።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ቤተ ሙከራው ቅንጣት ከሰል የሚበቃው አዲስ ማሽን አገኘ። እሷም መሳቢያዋን ከፈተች። ያቺን ቁራጭ በአሲድም በሶዳም፣ ፈሳሹ ጥርት እስኪል ድረስ አጠበቻት። ግማሿ ሟሟች፤ ግማሿ በቃች። ውጤቱን የማሽኑ ባለሙያ አነበበላት፤ «ሃያ አምስት ከመቶ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች።

በዚያው ሳምንት እቤቱ ሄደች። የተማሪ ደብተር እያረመ ነበር። ሁሉንም ነገረችው፣ ምልክት ያደረገችበትን ቅጽ ጭምር።

«ሶዳውን ለምን ተውሽው?» አለ መነጽሩን አውልቆ።

«እንዳያልቅብህ ብዬ።»

«ለኔ ብለሽ?»

«አዎ።»

የያዘውን ደብተር ዘጋው። «ትክክል መሆኔን ልቤ ያውቅ ነበር ብልሽ ውሸት ነው። ያንቺን ቁጥር አመንኩት። ያን ሁሉ ዓመት አፈር ማንበብ የማልችል ሰው ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«እንደገና ትቆፍራለህ፤ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ...»

«ምኑን? ዋሻውን ለግንባታ ድንጋይ ፈልጠውት ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አልሰማሽም?»

አልሰማችም ነበር። ጠይቃም አታውቅም።

ስህተቷን ለአለቃዋ በጽሑፍ አመነች፤ ከእጥበት ሥራ አነሷት፣ መዝገብ ቤት አስቀመጧት። እርማቱ በሙያው መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ በአራት መስመር ወጣ። ቅጂውን ይዛለት ስትሄድ በሩ ላይ ቆሞ አነበበው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ አመሰገናት። «ግቢ» ግን አላላትም።

አሁንም በየሳምንቱ ትደውላለች። ያነሳል፤ ስለ ጤናዋ ይጠይቃታል፣ ስለ ሥራዋ አይጠይቃትም።