ለዘይነባ እጅ የተሣሉ ሦስት ንድፎች

ኢፍቱ በአደ በድሪያ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ሂና ስትበጠብጥ ኖራለች፤ ሙሽራ እጅ ላይ ግን አንድም ቀን የሂና መሣያ ስንጥር አላሳረፈችም። አዳማ ውስጥ ስንቱን ሙሽራ ያስዋቡት አደ በድሪያ፣ ዓይናቸው ቢደክምም ደንባቸው አልደከመም። ሠርግ በመጣ ቁጥር ልጃገረዶቹ በደብተር ወረቀት ንድፍ ይሥላሉ፤ እሳቸው ሰሌን ላይ በደረጃ ይደረድራሉ፤ አንደኛ የወጣችው ትሠራለች። ኢፍቱ ሁሌ ሦስተኛ ናት። የሚወዳደሩትም ሦስት ናቸው!

በ1979 ዓ.ም. የዓለም ጤና ከተማ ልጅ ዘይነባ ልታገባ ስትል ኢፍቱ ቆርጣ ነበር፤ አሁንም ካልሆነ ጥጥ መዳመጫ ትቀጠራለች። እናቷ እንደሆኑ በዚሁ ነገር ነጋ ጠባ ይጨቀጭቋታል።

ዘይነባ ከእናቷ ጋር መጥታ ተቀመጠች። አደ በድሪያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ራቅ አድርገው አዩ፤ ከዚያ ርቀት ያልለዩት መሥመር፣ ሂናው ሲያርፍ እርስ በርሱ ይዋጣል። ቀጥሎ ወረቀቶቹን የዘይነባ መዳፍ ላይ እያደረጉ ጣቶቿን አሳጠፏት። የአንዷ ልጅ አበባ እጥፋት ላይ ወደቀ፤ ወደ ሁለተኛ ወረደ። የሌላዋ ተወዳዳሪ የጉዲቱ ሐረግ ግን ከመዳፍ እስከ ክንድ ልቅም ብሎ ወጣ፤ አንደኛ ተቀመጠ።

የኢፍቱ ወረቀት ላይ የጣት ጫፎችና መዳፍ መሀል አንዲት ክብ ብቻ ነበሩ።

«መሥመሩ ጥርት ያለ ነው፤ ልኩም ልክ ነው» አሉ አደ በድሪያ። «ግን ይሄ የሙሽራ ነው ወይስ የሕፃን ልጅ የዒድ?» ብለው ከታች አኖሩት።



ይሄኔ ዘይነባ እጇን ሰብሰብ አደረገች። «አደ፣ እስከ ክንዴ አልፈልግም። ወንድሜ ከዘመተ ስምንት ወር ሆነው፤ ደብዳቤ የለም። እናቴ ፊት እንዲያ ደምቄ እንዴት እቆማለሁ?»

አደ በድሪያ ወደ ኢፍቱ ዞሩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«እጇን በክር ልለካ ቤታቸው ሄጄ ሰማሁ። ስትጨብጠው አይታይም፤ ስትዘረጋው ግን ሙሽራ ናት። የሐዘኑን ነገር እኔ ላወራው አልደፈርኩም፣ አደ።»

አሮጊቷ የኢፍቱን ወረቀት አንስተው ከላይ አስቀመጡት። «ተሳስቻለሁ» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። ኢፍቱ ዕድሜ ልኳን የምታመሰግናቸው ለዚህች ቃል ነው፤ ዝም ብለው ቢያልፏት ማን ይጠይቃቸው ነበር? ስንጥሩን ያቀበለቻትም ጉዲቱ ናት፤ አላህ ይስጣት።

ሂናው ደርቆ ሲራገፍ ዘይነባ እጇን ጨብጣ እናቷ አጠገብ ቆመች። እናትየው የተጨበጠውን እጅ ያዙ፤ ጣት በጣት ራሳቸው ዘረጉት፤ መሀሉን አይተው ሳሙት።